አንድ በር፣ ሁለት ስም፦ የጠፋው የአጎት ልጅ

ጥያቄ፦ «ሐረርን በእግር ለሚጎበኙ ሰዎች 40 ገጽ መመሪያ እየጻፍኩ ነው። ትምህርት ቤት ‹አንድን ቃል አትደጋግሚ› እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ግንቡንም፣ በሮቹንም፣ ቤቶቹንም በተለያየ ስም ጠራኋቸው። የአጎቴ ልጅ ከድሬዳዋ መጥቶ ረቂቁን ይዞ ዞረና ‹ሰባት በር ብለሽ አምስት ብቻ አገኘሁ› አለኝ። በ‹Find and Replace› ሁሉንም አንድ ባደርገው ይበቃል? ደግሞስ ጽሑፉ ደረቅ አይሆንብኝም? ስድስት ገጽ ልኬያለሁ።»

ምላሽ፦ አይበቃም። አሁን ተነስተው ‹Replace All› የሚለውን ከነኩማ ረቂቁ ይበላሻል። እንዴት እንደሚበላሽ ወደ ኋላ አሳያለሁ። መጀመሪያ ግን ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡትን ሕግ ቦታውን እናስይዘው።

የድርሰት መምህራችን «አትደጋግሙ» ሲሉን ልክ ነበሩ። ያስቸገራቸው «በጣም»፣ «ቆንጆ» እና «ሄድን» በየመስመሩ መመላለሳቸው ነው። ቅጽልና ግሥ ቢቀያየር ማንም አይጠፋም። «ደረስን» ባሉበት ቀጥለው «ብቅ አልን» ቢሉ አንባቢው ያው መድረስ መሆኑን ያውቃል። የዕቃና የቦታ ስም ግን ሌላ ነው። «ሸዋ በር» ብለው የጀመሩትን በሚቀጥለው ገጽ «አስማዲን በሪ» ካሉት፣ አካባቢውን የማያውቅ ሰው ሌላ በር መጣ ይላል። ምን ሌላ ሊያስብ ይችላል? የአጎትዎ ልጅ አልተሳሳተም። እርስዎ የጻፉትን ነው የቆጠረው።

ይህ ስህተት የሚመጣው ደግሞ ከማወቅ ነው። ጸሐፊው ቦታውን በዓይነ ሕሊናው እያየው ስለሚጽፍ አምስት ስም ቢጠራም አንዱን ነገር ነው የሚያየው። አንባቢው የሚያየው ስሙን ብቻ ነው። ስለዚህ የራስዎን ረቂቅ ደጋግመው ቢያነቡም ስህተቱን አያገኙትም።

እኔም አንዴ አምልጦኛል። አንድ ድርጅት የውኃ ፓምፕ መመሪያ እንዳርምለት ሰጠኝ። ገጽ 3 ላይ «መዝጊያውን አዙር» ይላል። ገጽ 5 ላይ «መክፈቻውን አጥብቅ» ይላል። ዕቃው አንድ ነው። ውኃ ሲለቁበት መክፈቻ፣ ሲያቆሙበት መዝጊያ እንለዋለን፤ እኔም ቤት ውስጥ እንደዚያው ነው የምለው። ስለዚህ አንብቤው አለፍኩ። ሠራተኛው ግን ሁለተኛ ዕቃ ፍለጋ ግማሽ ቀን አጠፋና መጨረሻ ላይ ሌላ ብሎን አጠበቀ። ከዚያ ወዲህ መመሪያ ሳርም ዓረፍተ ነገሩ አማረ አላማረ ከማለቴ በፊት ስሞቹን እቆጥራለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ገጽ እንሂድ። ከላኩልኝ ውስጥ ይህችን አንቀጽ መረጥኩ፤ ችግሩ ሁሉ እዚችው ላይ ተሰብስቧል።

«በሸዋ በር በኩል ሲገቡ የጀጎልን ውበት ያያሉ። ጀጎሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን አጥሩ አምስት መግቢያዎች አሉት። አስማዲን በሪ ደግሞ ከገበያው አጠገብ ነው። ቅጥሩን ይዘው ሲሄዱ ቀጣዩን ደጅ ያገኛሉ። ከተማዋ በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው።»

ግንቡ እዚህ ሦስት ስም አለው፦ ጀጎሉ፣ አጥሩ፣ ቅጥሩ። በር ደግሞ አንዴ በር፣ አንዴ መግቢያ፣ አንዴ ደጅ ሆኗል። ከሁሉም የከፋችው ግን «ደግሞ» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። «ደግሞ» ሲባል አዲስ ነገር ተጨመረ ማለት ነው። «አስማዲን በሪ ደግሞ» ባሉ ቁጥር ሸዋ በርን ሁለት አደረጉት። ስሙን ብቻ ቢቀይሩ ኖሮ ጠንቃቃ አንባቢ ምናልባት ይጠረጥር ነበር። «ደግሞ» ጥርጣሬውን ዘጋችው። «ሌላው»፣ «ቀጥሎ ያለው»፣ «በተጨማሪ» የሚሉትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስሞችን ሲያርሙ አብረው ይፈትሿቸው።

ሁለተኛው ችግር የተገላቢጦሽ ነው፦ አንድ ስም ለሁለት ነገር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ጀጎል ማለት ከግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ ነው። ሁለተኛው ላይ ግንቡ ራሱ ነው። በወሬ ሁለቱም ይባላል፤ ማንም አይቸገርም። መመሪያ ላይ ግን «ከጀጎል ውጡ» ሲባል ከከተማው ልውጣ ወይስ ከግንቡ ላይ ልውረድ ያሰኛል። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያሸክሙት ቅኔ ላይ ሰምና ወርቅ ይሆንና ያስጨበጭባል። መንገድ ለሚፈልግ ሰው ግን መጥፋት ነው።

ሦስተኛው ጾታ ነው። ይህ የአማርኛ ጣጣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። «ከተማዋ» ብለው ጀምረው «የተመዘገበ ነው» ብለው ዘጉ። በቋንቋችን ባለቤቱ ሳይጠራ ግሡ ብቻውን ስለሚሄድ፣ አንባቢው ማን እንደሆነ የሚያውቀው «ተመዘገበች» ወይም «ተመዘገበ» ከሚለው ነው። በአንዱ ገጽ ሴት፣ በሌላው ወንድ የሆነች ከተማ ስሟ ሳይቀየር ሁለት ነገር ትመስላለች።

አራተኛው «2006» ነው። የድሬዳዋ አንባቢ ይህን ሲያይ የኛን 2006 ዓ.ም. ነው የሚያስበው። ሐረር ጀጎል የተመዘገበው ግን በፈረንጆቹ 2006 ሐምሌ ላይ ነው፤ በኛ 1998 ዓ.ም. ማለት ነው። የዘመን አቆጣጠርም እንደ ስም ነው። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይሂዱ። ሰዓትም ላይ ያው ነው። የጅቡን ትርኢት «ማታ 1 ሰዓት» ካሉ ሌላ ገጽ ላይ «19፡00» አይበሉ።

አንቀጹን እኔ እንዲህ አደርገው ነበር፦

«በሸዋ በር በኩል ወደ ጀጎል ይገባሉ። ሐረሪዎች ይህን በር አስማዲን በሪ ይሉታል። ሸዋ በር ከገበያው አጠገብ ነው። ጀጎልን የከበበው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ግንቡን ይዘው ሲሄዱ ቀጣዩን በር ያገኛሉ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።»

«ግንብ»፣ «ግንቡ» እና «ግንቡን» አንድ አንድ ጊዜ መጥተዋል። ደረቅ ሆነብዎት? ለእኔ አልሆነም። «ጥንታዊ» የሚለውን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘግይቶ የተከፈተው ሐረር በር ስድስተኛ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ቁጥር ከሰጡ ምን እንደቆጠሩ ይበሉ።

ስም ማጽናት ካልን የትኛውን ስም የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ ይጨነቃል። ትክክለኛነቱ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «አንባቢዬ መንገድ ላይ ሲጠይቅ የትኛውን ይሰማል?» የሚለው ነው። አምስቱ በሮች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ስም አላቸው። ሸዋ በር አስማዲን በሪ ነው፣ ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር ደግሞ አሱም በሪ። የእርስዎ አንባቢ አማርኛ የሚያነብ እንግዳ ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ፈላና በር» ሊል ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ይያዙ። የሐረሪውን ስም በሩ መጀመሪያ በተጠራበት ቦታ አንድ ጊዜ፣ ከፊት በሚያወጡት የስም ዝርዝር ላይ አንድ ጊዜ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አይመልሱት።

«የባለቤቶቹን ስም ወደ ኋላ ማስቀረት አይሆንም?» ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ለሐረሪ ወጣቶች ወይም ለቅርስ ጥናት ቢሆን ኖሮ የሐረሪውን ስም ምረጡ እል ነበር፤ የአማርኛው ያኔ በተራው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። የማልስማማው ሁለቱንም እያፈራረቁ መጥራት አክብሮት ነው በሚለው ነው። እያፈራረቁ ሲጠሩ አንባቢው አንዱንም ስም ይዞ አይወጣም።

ቤቱ ላይ ግን ምክሬ ይገለበጣል። ስለ ሐረሪ ቤት በጻፉት ክፍል መቀመጫውን «መደብ»፣ «ነደባ» እና «ደረጃ» ብለውታል። እዚህ ለአማርኛ አንባቢ ቀላሉ «መደብ» ነው። እኔ ግን «ነደባ»ን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ሌሎች ስሞች እሱ ላይ ይንጠለጠላሉ። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ አለ፣ ትልቁ ጊድር ነደባ አለ፣ ትንሹ ጢጥ ነደባ አለ። «መደብ» ካሉ እነዚህን ሲጠሩ ወይ ስሙን ይሰብራሉ ወይ ሁለት ቃል ይዘው ይቀራሉ። «ነደባ ማለት ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ ነው፤ የእኛን መደብ ይመስላል» ብለው አንድ ጊዜ ያስረዱና ይቀጥሉ። «ደረጃ»ን ጨርሶ ያውጡት። እንግዳው ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ ይፈልጋል።

«ጌይ ጋር» የሚለውም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በሐረሪ ጌይ ከተማ ነው፣ ጋር ቤት ነው። ለአማርኛ ዓይን ግን «ጋር» ሌላ ነገር ነው። «ከጌይ ጋር ሲወጡ» ብለው ጽፈዋል። ያወቀ ሰው «ከቤቱ ሲወጡ» ብሎ ያነበዋል። ያላወቀ «ጌይ የሚባል ሰው አብሮን አለ?» ይላል። በዚህ ምክንያት ብቻ «የሐረሪ ቤት» የሚለውን ዋና ስም አድርጌ «ጌይ ጋር»ን መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ እጠራው ነበር። በዚያው አንድ ቦታ ላይ «የአደሬ ቤት» ብለዋል። «አደሬ» ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው፤ ራሳቸውን የሚጠሩት በዚያ አይደለም። ሐረሪ ብለው ከጀመሩ ሐረሪ ይበሉ።

አንድ ለድሬዳዋ አንባቢ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፈረስ መጋላና ጊድር መጋላን እየቆረጡ «መጋላው» ብለዋል። ሐረር ላይ መጋላ ገበያ ነው። ለእኛ ለድሬዎች መጋላ ከደቻቱ ማዶ ያለ ሰፈር ነው። «ከመጋላ ይነሱ» ብንባል ሻንጣችንን ይዘን ወደ ቤት ልንመለስ ነው። በዚያ ላይ ሁለት መጋላ እያለ «መጋላው» ማለት የቱን ነው? ሁልጊዜ ሙሉ ስሙን ይጥሩ።

እንዴት ይታረማል? የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲጽፉ ስለዚህ አይጨነቁ፤ እጅዎን ያስረዋል። ረቂቁ ሲያልቅ በወረቀት ያትሙት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ፤ ግንቡን እንበል። ከገጽ 1 እስከ 40 ግንቡ በተጠራበት ሁሉ በአንድ ቀለም ያስምሩ። ቀለሙ ስር ስንት ዓይነት ስም እንዳለ ይቁጠሩ። ከዚያ በሌላ ቀለም በሮቹን። ሁሉንም በአንድ ንባብ ልያዝ ካሉ ግማሹ ያመልጣል። ለ40 ገጽ ከ15 እስከ 20 ስም ቢይዙ ይበቃል፤ ሁሉም ቃል ይህ ሥራ አያስፈልገውም። የሚያስፈልጋቸው አንባቢው ሊያገኘው፣ ሊቆጥረው ወይም ሊጠይቅበት የሚችለው ነገር ስሞች ናቸው።

እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በአንድ በኩል የመረጡትን ስም፣ በሌላ በኩል የተዉአቸውን። የተዉትን መጻፍ የግድ ነው። «ግንብ» ብቻ ብለው ካሰፈሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ቅጥር» የሚለው ከእጅዎ ሾልኮ ይገባል። «ግንብ፤ አጥር፣ ቅጥር፣ ጀጎሉ አይባልም» ካሉ ግን ያዩታል። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ አዋጅ አንብበው ከሆነ «ትርጓሜ» የሚለውን አንቀጽ ያውቁታል። «በዚህ አዋጅ ውስጥ» ይልና ቃላቱን አንድ በአንድ ያስራቸዋል። የእርስዎም ወረቀት ሥራው ይኸው ነው፤ ብቻ ለአንባቢ ሙሉውን አያሳዩትም።

ኮምፒውተሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም ለመፈለግ እንጂ ለመተካት አይደለም። «በር»ን በ«በሪ» ተካ ብለው ‹Replace All› ቢሉ «ነበር» ወደ «ነበሪ»፣ «በርካታ» ወደ «በሪካታ»፣ «ማኅበር» ወደ «ማኅበሪ» ይለወጣል። በርበሬም አይተርፍም። ይህ ሁሉ ሆኖ «በሩ» እና «በሮች» ሳይነኩ ይቀራሉ። በፊደላችን ር፣ ሩ እና ሮ የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ ማሽኑ «በሩ» ውስጥ «በር»ን አያያትም። ወርድ ላይ ‹Use wildcards› የሚለውን ምልክት አድርገው እንዲህ ቢፈልጉ ሁሉም ይወጣሉ፦

```
በ[ርሩሮሪ]
```

«ነበር»ም አብሮ ይመጣል፤ እሱን በዓይንዎ እያዩ ይዝለሉት። አንድ በአንድ «ቀጣይ» እያሉ ይሂዱ። ስም ሲቀየር ቅጥያውና ግሡም አብሮ ይቀየራል። «ከተማዋ ተመዘገበች» የነበረው «ጀጎል ተመዘገበ» ይሆናል። ይህን የሚያደርግልዎ ቁልፍ የለም።

የሞክሼ ፊደላት ነገርም አለ። በላኩልኝ ስድስት ገጽ ውስጥ ሐረር፣ ሀረር እና ሃረር አግኝቻለሁ። አንባቢ በዚህ አይጠፋም፤ በድምፅ አንድ ናቸው። ጽሑፉን በስልኩ ከፍቶ የሚፈልግ ሰው ግን አንዱን ጽፎ ሌላውን አያገኝም። በዚህ ይሰብስቧቸው፦

```
[ሀሐኀሃሓኃ]ረር
```

እዚህ ላይ ብቻ በ‹Replace All› «ሐረር» ብለው መተካት ይችላሉ፣ ምክንያቱም ቅርጹ ከሐረር ጋር የማይዛመድ ቃል ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ አይደለም። ያም ሆኖ መጀመሪያ ስንት እንዳገኘ ይዩ።

ይህ ሁሉ ሲባል በየመስመሩ «ሸዋ በር፣ ሸዋ በር» ይበሉ ማለቴ አይደለም። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ በር ብቻ ካለ፣ አንዴ ሙሉ ስሙን ጠርተው ከዚያ «በሩ» ማለት ይበቃል። ሁለት በር ካለ «በሩ» የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱንም በስማቸው። አዲስ አንቀጽ ሲጀመር ደግሞ ሙሉ ስሙን ይመልሱ። ሰው መመሪያ ከመሃል ገልጦ ነው የሚያነበው። «እሱ»፣ «ይህኛው»፣ «ያኛው» የሚሉትን ከመንገድ ማሳያ ክፍል ቢያወጧቸው ደስ ይለኛል። ሌላው ገደብ የሰው ንግግር ነው። አንዲት እናት «አሱም በሪ ነው ያደግኩት» ብለውዎት ከሆነ ቃላቸውን አይንኩ። ከጥቅሱ ቀጥሎ «ፈላና በርን ማለታቸው ነው» ይበሉና ይለፉ።

መታረሙን የሚያውቁት ደግሞ በራስዎ ንባብ አይደለም። ሐረርን የማያውቅ ሰው ይፈልጉ። የአጎትዎ ልጅ አሁን ለምዷል፤ አይሆንም። ረቂቁን ይስጡትና «ደስ አለህ?» ብለው አይጠይቁት። «ስንት በር አለ? ስማቸውን ጻፍልኝ» ይበሉት። ስድስት ጽፎ ሐረር በርን ለብቻው ዘግይቶ የተከፈተ ብሎ ከለየው ጨርሰዋል። ሰባተኛ ካመጣ፣ ያ ስም ያለበትን ገጽ ያሳይዎት።

ካርታውን የሚስልልዎ ሰው ካለ የስም ወረቀቱን ዛሬውኑ ይላኩለት። ጽሑፉ ሲታረም ካርታው ላይ «አርጎብ በሪ» ተጽፎ የቀረ መጽሐፍ አይቻለሁ፤ ለማረም ሁሉንም እንደገና ማተም ነበረባቸው።